ባትሪና ቴርሞሜትር አብረው ሲበሩ፦ የትኛው መብራት ነው ቁሚ የሚለው?

ጥያቄ፦ «ከቢሾፍቱ ወደ አዳማ ስመለስ መንገድ ላይ ቀይ የባትሪ መብራት በራ። ባትሪ ከሆነ ቤት ደርሼ አሳየዋለሁ ብዬ ነዳሁ። ሞጆ አካባቢ ስደርስ ቴርሞሜትር የምትመስል ቀይ ምልክትና ቢጫ የሞተር ምልክት ተጨመሩ። ዳር ይዤ ፎቶ አነሳሁት፣ ይኸው። መኪናዋ ቪትዝ ናት። ባለቤቴ ባትሪ ነው፣ ቀስ ብለሽ ነይ ይለኛል። አዳማ ድረስ ልንዳት? ለወደፊቱስ የትኛው መብራት ነው በቃ ቁሚ የሚለው?»

እህቴ፣ አትንጂያት። ሞተሩ እስካሁን እየሠራ ከሆነ መጀመሪያ አጥፊው፤ የቀረውን ከዚያ በኋላ ታነቢዋለሽ። ሁለቱንም ፍሬቻ አብሪ። የፍጥነት መንገዱ ላይ ከሆንሽ መኪና ውስጥ አትቀመጪ። በቀኝ በር ውረጂና ከመንገዱ ራቅ ብለሽ ቁሚ። ባለሦስት ማዕዘኑን አንጸባራቂም ከኋላ ራቅ አድርገሽ አስቀምጪው፤ እዚያ የሚመጣው መኪና በፍጥነት ነው የሚመጣው።

የምሠራው አዳማ ጋራዥ ውስጥ ነው፤ ቪትዝ ደግሞ በየቀኑ እጄ ላይ ያለች መኪና ናት። ፎቶሽን አስፍቼ አየሁት። አንቺ የጠቀስሽው ሦስት መብራት ነው፤ እኔ የማየው ግን አራት ነው። አራተኛው በክብ ውስጥ ቃለ አጋኖ ያለበት ቀይ ምልክት ነው። እሱ የፍሬን ነው። ቆመሽ ስላነሳሽው የእጅ ፍሬኑን ስበሽው ይሆናል፤ ከሆነ ችግር የለውም። ስትለቂው መጥፋት አለበት። ካልጠፋ ሌላ ነገር ነው፤ ወደ ኋላ እመጣበታለሁ።

ከበሩት ይልቅ ብዙ የነገረኝ ያልበራው ነው። የዘይት ምልክቷን ታውቂያታለሽ፤ ጫፏ ላይ ጠብታ ያላት፣ ማንቆርቆሪያ የምትመስለዋ ቀይ ምልክት። ቁልፉ ተከፍቶ ሞተሩ ካልተነሳ እሷ መብራት ነበረባት። ፎቶሽ ላይ ጠፍታለች። ስለዚህ ፎቶውን ስታነሺ ሞተሩ እየሠራ ነበር፤ የዘይት ግፊትም አለ። ይሄ ጥሩ ዜና ነው። መጥፎው ዜና የጋለ ሞተር ቆመሽም እየሠራ መቆየቱ ነው። ለዚህ ነው በቅድሚያ አጥፊው ያልኩሽ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ባትሪና ቴርሞሜትር በተከታታይ ከበሩ ሁለት ብልሽት ተገጣጠመ ብዬ አልጀምርም። መጀመሪያ የምጠረጥረው አንድ ነገር ነው፤ ቺንጋውን።

የባትሪ ምልክቷ ባትሪው ሞተ ማለቷ አይደለም። ባትሪው እየተሞላ አይደለም ነው የምትለው። ባትሪውን የሚሞላው ዲናሞ ነው። ዲናሞውን የሚያዞረው ደግሞ ከሞተሩ ጎን ያለው የጎማ ቺንጋ ነው። ቪትዝ ላይ ያው ቺንጋ ውሃ ፓምፑንም ያዞራል። ውሃ ፓምፑ ነው ሞተር ውስጥ የጋለውን ውሃ ወደ ራዲያተር፣ ራዲያተር ውስጥ የቀዘቀዘውን ወደ ሞተር የሚያዘዋውረው። ቺንጋው ሲበጠስ ወይም ሲላላ ሁለቱም አብረው ይቆማሉ። የዲናሞው መቆም ወዲያው ይታወቃል፣ ባትሪዋ ትበራለች። የውሃው መቆም ግን ጊዜ ይወስዳል፤ ሞተሩ ቀስ በቀስ ይግልና ከደቂቃዎች በኋላ ቴርሞሜትሯ ትበራለች። አንቺ የነገርሽኝ ቅደም ተከተል ቁርጥ ይሄው ነው።

ባለቤትሽ ባትሪ ነው ማለቱ አይፈረድበትም፤ ምልክቷ ባትሪ ናትና። ግን አዲስ ባትሪ ቢገዛም መብራቷ አትጠፋም፤ ሞተሩም መጋሉን አይተውም።

ቢጫዋ የሞተር ምልክት ተከትላ የመጣች ናት። የቮልቴጅ መውረዱንም የሙቀት መጨመሩንም ኮምፒውተሩ መዝግቦ አብርቷታል። ለዛሬ እርሻት።

ቪትዝ ላይ ልብ የሚባል ሌላ ነገር አለ። ብዙዎቹ የሙቀት መለኪያ ቀስት የላቸውም። ያለው መብራት ብቻ ነው። ጠዋት ስትነሳ ሰማያዊ ሆና ትበራለች፣ ሞተሩ ሲሞቅ ትጠፋለች፣ ከመጠን በላይ ሲግል ቀይ ትሆናለች። በሰማያዊና በቀይ መሃል ያለውን ረጅም ርቀት የሚያሳይሽ ነገር የለም። ባለ ቀስት መኪና የሚነዳ ሰው ቀስቱ መውጣት ሲጀምር ያያል፤ ኤሲውን ያጠፋል፣ ጋዝ ይቀንሳል። የቪትዝ ሹፌር ያንን ዕድል አያገኝም። ቀይዋ ስትበራ ሞተሩ ገና ሊግል አይደለም፣ ግሏል። ስለዚህ «ትንሽ ነው የቀረችኝ» የሚባል ስሌት እዚህ ላይ አይሠራም።

ቢነዳ ምን ይሆናል? የሞተሩ ክዳን፣ ቴስታታው፣ አሉሚኒየም ነው። አሉሚኒየም ከልክ በላይ ሲግል ይጣመማል። በቴስታታውና በብሎኩ መሃል ያለው ጋርኒሲዮን ይቃጠላል። ከዚያ ውሃው ወደ ዘይት፣ የተቃጠለው ጋዝም ወደ ውሃ መግባት ይጀምራል። ቺንጋ መቀየር የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው፣ ወጪውም ቀላል ነው። ቴስታታ ማውረድ፣ ማስላጥና መልሶ መግጠም ግን ቀናት ይፈጃል፤ ሂሳቡም ከቺንጋው ጋር አይወዳደርም። እጄ ላይ የሚመጡት አብዛኞቹ የተጣመሙ ቴስታታዎች ቀይ መብራት ከበራ በኋላ ጥቂት ኪሎ ሜትር የተነዱ ናቸው።

አንድ የሚያታልል ነገር ልንገርሽ። ሙቀቱን የሚለካው ሴንሰር የሚያነበው ውሃ ውስጥ ሲሆን ነው። ውሃው ፈልቶ ካለቀ ሴንሰሩ በእንፋሎት ወይም በአየር መሃል ይቀራል፣ የሚያነበውም ዝቅ ይላል። በዚያን ጊዜ ቀይዋ ልትጠፋ ትችላለች። ሹፌሩ ተመስገን፣ ቀዘቀዘች ይልና መንገዱን ይቀጥላል። ሞተር የሚነክሰው ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው። ቀይዋ አንዴ በርታ ሳትቆሚ ከጠፋች ቀዝቅዟል ብለሽ አትመኚ።

እሺ፣ አሁን ቆመሻል፣ ሞተሩም ጠፍቷል። ኮፈኑን ክፈቺው፤ ግን ከዳር ዳሩ እንፋሎት የሚወጣ ከሆነ እስኪያቆም ጠብቂ። የራዲያተሩን ክዳን ፈጽሞ አትንኪው። አዳማና አካባቢው ከባሕር ወለል በላይ ከ1,600 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለሆኑ ክፍት ዕቃ ውስጥ ያለ ውሃ በ94 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ራዲያተር ውስጥ ግን ክዳኑ አፍኖ ስለሚይዘው ከ115 ዲግሪ በላይ ሆኖም ሳይፈላ ሊቆይ ይችላል። ክዳኑን ስታላቂው ያ ሁሉ ውሃ ባንዴ ወደ እንፋሎት ይቀየርና ፊትሽ ላይ ይፈነዳል። ፊታቸውና ክንዳቸው የተቃጠለ ሰዎች ጋራዣችን መጥተው ያውቃሉ፤ ሁሉም የቸኮሉ ናቸው። ቢያንስ ሠላሳ ደቂቃ ጠብቂ፤ የአዳማ ፀሐይ ላይ ከሆንሽ አርባ አምስት ይሁን። የላይኛውን የራዲያተር ጎማ በወፍራም ጨርቅ ነክተሽ እዪው። ለብ ብሎ ከሆነና ሲጨመቅ ልል ከሆነ ግፊቱ ወጥቷል።

በሞተሩ ላይም ቀዝቃዛ ውሃ አታፍስሺበት። መንገድ ላይ ያገኘሽ ሁሉ ውሃ አምጡ ሊልሽ ነው፤ አመስግኚና ተዪው። የጋለ ብረት ባንዴ ሲቀዘቅዝ ሊሰነጠቅ ይችላል።

ስትጠብቂ ቺንጋውን ተመልከቺ። ሞተሩ ጠፍቶ፣ ቁልፉም ተነቅሎ መሆን አለበት። ከሞተሩ ጎን፣ ከተሽከርካሪው አካል ጋር በሚዋሰንበት በኩል ክብ ክብ ፑሊዎች ታያለሽ፤ ጥቁሩ ቺንጋ እነሱን አዳርሶ መጠምጠም አለበት። ጨለም ካለ በስልክሽ መብራት እዪው። ከሦስቱ አንዱን ታገኛለሽ።

ቺንጋው ከሌለ ወይም ተበጥሶ ከተንጠለጠለ ነገሩ አልቋል፤ መኪናዋ በራሷ አንድ ኪሎ ሜትርም አትሄድም። ውሃ ብትጨምሪም የሚያዘዋውረው የለም። ጎታች ጥሪ ወይም መካኒክ ቺንጋ ይዞ ይምጣልሽ። ሞጆ ቅርብሽ ነው።

ቺንጋው ኖሮ ከላላ፣ በሁለት ፑሊ መሃል ያለውን ረጅሙን ክፍል በአውራ ጣትሽ ተጫኚው። አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ቢገባ ደህና ነው። ሁለትና ሦስት ሴንቲ ሜትር ከገባ እየተንሸራተተ ነው። ከመብራቱ በፊት ጠዋት ጠዋት ሲጮህ ሰምተሽ ከሆነ ደግሞ ምክንያቱ ይሄው ነበር። ማጥበቅ ይቻላል፣ ግን ያንን መካኒክ ይሥራው፤ ከልክ በላይ የጠበቀ ቺንጋ የዲናሞውንና የፓምፑን ኩሽኔታ ይበላል።

ቺንጋው ሙሉና የጠበቀ ከሆነ እኔ ተሳስቻለሁ ማለት ነው፤ ውሃ የሚፈስበትን ቦታ መፈለግ ያስፈልጋል። መኪናዋ ሥር የረጠበ አለ? የላስቲኩ ውሃ ማጠራቀሚያ ባዶ ነው? ከውሃ ፓምፑ ሥር የተንጠባጠበ፣ የደረቀ አረንጓዴ ወይም ሮዝ ዱካ አለ? ያንን ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ።

ቺንጋው ተበጥሶ ከተቀየረልሽ መካኒኩን አንድ ነገር አጥብቀሽ ጠይቂው፦ ለምን ተበጠሰ? አሮጌ ቺንጋ ተሰነጣጥቆ በራሱ ሊበጠስ ይችላል። ግን የዲናሞው፣ የፓምፑ ወይም የኤሲው ፑሊ ተይዞ ቢሆንስ? አዲሱም በዚያው ቀን ይበጠሳል። አዲሱን ከመግጠሙ በፊት እያንዳንዱን ፑሊ በእጁ ያዙረው። ሳይንቋቋና ሳይወዛወዝ መዞር አለበት። ከገጠመ በኋላ ሞተሩ ተነስቶ ባትሪው ጫፍ ላይ በመለኪያ ይለካ፤ ከ13.5 እስከ 14.5 ቮልት ካሳየ ዲናሞው ሥራውን እየሠራ ነው። 12 ቮልት አካባቢ ከቀረ ባትሪ ምልክቷም አትጠፋም።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄሽ ልምጣ። ቀይ መብራት ሁሉ አንድ አይደለም። እኔ አሁኑኑ ቁሚ የምለው ሦስት ላይ ነው።

አንደኛዋ ያቺ የዘይት ማንቆርቆሪያ ናት። ከሁሉም የምትከፋው እሷ ናት። ቴርሞሜትሯ ደቂቃዎች ትሰጥሽ ይሆናል፤ ይቺ የምትሰጥሽ ሴኮንዶች ነው። ብዙ ሰው ዘይት ቀነሰ የምትል ይመስለዋል። እሷ ግን የምትለው የዘይት ግፊት ጠፋ ነው። ሞተር ውስጥ የሚዞሩት ብረቶች የማይነካኩት በግፊት የሚገባው ዘይት ስለሚለያያቸው ነው። ግፊቱ ሲጠፋ ዘንጉ የሚዞርባቸው ብሮንዚኖች ወዲያው መፋቅ ይጀምራሉ። ስትበራ ዳር ያዢ፣ አጥፊ። ጥቂት ደቂቃ ቆይተሽ የዘይት መለኪያውን ዘንግ አውጪ፣ ጥረጊ፣ መልሰሽ አስገቢና አንብቢ። ከታችኛው ምልክት በታች ከሆነ ትክክለኛውን ዘይት ጨምሪና አስነሺ፤ መብራቱ በጥቂት ሴኮንድ ውስጥ ከጠፋ ቀስ ብለሽ ወደ ጋራዥ ሂጂ። ዘይቱ ልክ ሆኖ መብራቱ ካልጠፋ መልሰሽ አታስነሺ። ምናልባት ሴንሰሩ ብቻ ነው የተበላሸው፤ ግን ያንን የሚለየው መካኒክ በግፊት መለኪያ ሲለካው እንጂ እየነዱ በመሞከር አይደለም። ኩርባ ላይ ወይም ፍሬን ስትይዢ ብልጭ ብላ ከጠፋች ደግሞ ዘይቱ ቀንሶ ወደ አንድ ጎን እየሸሸ ነው። ያንን ማስጠንቀቂያ የሚንቅ ብዙ ነው።

ሁለተኛዋ ዛሬ ያየሻት ቀይ ቴርሞሜትር ናት። ባትሪ አብሯት ቢበራም ባይበራም ቁሚ።

ሦስተኛዋ የፍሬኗ ክብ ናት፣ የእጅ ፍሬኑ ተለቅቆ ሳትጠፋ ስትቀር። የፍሬን ዘይቱ ቀንሷል፤ ወይ እየፈሰሰ ነው፣ ወይ ሸራዎቹ አልቀው ዘይቱ ወደ ታች ወርዷል። ቆመሽ ፔዳሉን ተጫኚው። ጠንካራ ሆኖ ከፍ ብሎ ከቆመ፣ ማጠራቀሚያውም ውስጥ ዘይት ካለ፣ በዝግታ ወደ ቅርብ ጋራዥ መሄድ ይቻላል። ፔዳሉ ሰምጦ ከወረደ ወይም እንደ ስፖንጅ ከሆነ መኪናዋ ከቆመችበት አትንቀሳቀስ። እየሄድሽ ካጋጠመሽ ፔዳሉን ደጋግመሽ ርገጪ፣ ማርሽ ቀንሺ፣ የእጅ ፍሬኑን ቀስ በቀስ ሳቢ፤ ባንዴ ከሳብሽው የኋላ ጎማ ይያዝና መኪናዋ ትዞራለች። ይቺ ቀይ ክብ ከቢጫው ኤቢኤስ ጋር አብራ ከበራችም ቁሚ፤ ፍሬኑን ለፊትና ለኋላ ጎማ የሚያከፋፍለው ሥርዓት ተበላሽቶ ሊሆን ይችላል። ኤቢኤስ ብቻውን ሲበራ ግን ተራው ፍሬን ይሠራል፤ ርቀት ጠብቀሽ ሄደሽ ታሳዪዋለሽ።

ባትሪ ምልክቷስ? ብቻዋን ስትበራ እንደ ሦስቱ አይደለችም። ግን አንድ ጊዜ ዳር ይዘሽ ቺንጋውን ሳታዪ አትቀጥዪ። ዛሬ ቢሾፍቱ አካባቢ ኮፈኑን ከፍተሽ ቢሆን ቴርሞሜትሯ ባልበራች ነበር። ቺንጋው ካለና ሙቀቱም ደህና ከሆነ ችግሩ ዲናሞው ወይም ሽቦው ነው። ኤሲውን፣ ሬዲዮውን፣ ቀን ከሆነ መብራቱንም አጥፊና በቀጥታ ወደ ቅርብ ጋራዥ ሂጂ። መሃል ላይ ሞተሩን አታጥፊ፤ ላይነሳልሽ ይችላል። ባትሪው እየደከመ ሲሄድ ቪትዝ ላይ የመሪው ምልክት ትበራና መሪው ይከብዳል፤ መሪውን የሚያግዘው በኤሌክትሪክ የሚሠራ ሞተር ስለሆነ። ያኔ ቆይታሽ አልቋል፣ ዳር ያዢ።

ኤርባጓ ቀይ ብትሆንም መንዳት አታስቆምም፤ አደጋ ቢደርስ ኤርባጉ ላይፈነዳ ስለሚችል ግን ቶሎ ትታይ። ቢጫዎቹ በአብዛኛው ቀጠሮ የሚሰጡ ናቸው። ልዩነቱ ቢጫዋ የሞተር ምልክት ብልጭ ድርግም ስትል ነው። ያኔ አንዱ ሲሊንደር እያቃጠለ አይደለም፣ ያልተቃጠለው ቤንዚን ወደ ጭስ መውጫው እየገባ ካታሊቲኩን እያጋየው ነው። ጋዝ ቀንሺ፣ መኪናዋም የምትንቀጠቀጥ ከሆነ አቁሚያት። ካንዴላ ወይም ኮይል ነው ብዙ ጊዜ።

ወደ አንቺ መኪና ልመለስ። ቺንጋው ተቀይሮ፣ ውሃው ተሞልቶ ከተነሳች በኋላ ሙቀቱ ቴስታታውን ነክቶት እንደሆነ ማረጋገጥ አለብን። ነገ ጠዋት ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ የዘይት መሙያውን ክዳን ክፈቺና ከሥሩ እዪ። ቡና በወተት የመሰለ ነገር ካለ ውሃ ዘይት ውስጥ ገብቷል፤ አታስነሺያት። ንጹሕ ከሆነ የራዲያተሩን ክዳን ከፍተሽ አስነሺና ውሃውን ተመልከቺ። መጀመሪያ ጥቂት አረፋ ቢወጣ ውስጥ የቀረ አየር ነው። ሳያቋርጥ የሚንተከተክ ከሆነ ግን ጋርኒሲዮኑ አልፏል። ከዚያ በኋላ ለአንድ ሳምንት በየጠዋቱ የማጠራቀሚያውን ልክ እዪ፤ ሳይፈስ እየቀነሰ ከሄደና ከጭስ ማውጫው ነጭ ጭስ ሳይቆም ከወጣ ውሃውን ሞተሩ እየጠጣው ነው። ከነዚህ አንዱን ካየሽ ፎቶውን እዚሁ ላኪልኝ፤ ሳትነጂያት በጎታች ታመጪያታለሽ።